የተሰረቀው የማን የይለፍ ቃል ነው? አንድ የሐዋሳ ደብዳቤ ሲነበብ

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡ አንዲት እናት አንድ ገጽ ደብዳቤ አራት ቦታ አጥፈው ይዘው ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ደብዳቤው የደረሳቸው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በስልክ መተግበሪያ በዱቤ ከሚያዙበት የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ነበር። ማኅተም አለው፣ የደብዳቤ ቁጥር አለው፣ «ጉዳዩ፦ የደንበኞችን መረጃ ደኅንነት ይመለከታል» የሚል መስመርም ተሰምሮበታል። እኔ በከተማው የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት በየጊዜው ይመጣልኛል። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ዕዳ ጨመሩብኝ ማለት ነው ወይስ ይቅርታ ጠየቁኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ደብዳቤው ሁለቱንም በግልጽ አይልምና። ማኅተሙን፣ ሰላምታውንና ቀኖቹን ትተን ፍሬ ነገሩ የሚከተሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፦ «የመግቢያ መረጃን በመጠቀም ያልተፈቀደ አካል ወደ ሥርዓታችን የገባ መሆኑና የተወሰኑ ደንበኞች የአካውንት ዝርዝር ለዕይታ ተጋልጦ ሊሆን እንደሚችል ተደርሶበታል። መረጃዎ አላግባብ ጥቅም ላይ ስለመዋሉ ምንም ዓይነት ማስረጃ አልተገኘም። ለጥንቃቄ ሲባል የይለፍ ቃልዎን እንዲቀይሩ እናሳስባለን።»

ከሦስቱ ከባዱን ሸክም የተሸከመው የመጀመሪያው ነው፤ ዋናውን ነገር የሰወረውም እሱ ነው። «የመግቢያ መረጃን በመጠቀም» ይላል እንጂ የማንን የመግቢያ መረጃ እንደሆነ አይናገርም። አማርኛችን ባለቤቱን ሰውሮ «ተደረገ፣ ተገባ፣ ተጋለጠ» ለማለት የተመቸ ቋንቋ በመሆኑ ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ጉድለቱ ጆሮ ላይ አይሰማም። ነገር ግን ደንበኛው ቀጥሎ ማድረግ ያለበት ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚህ በተሰወረው ባለቤት ነው። የተሰረቀው የደንበኛዋ የራሷ የይለፍ ቃል ከሆነ አደጋው በአንድ አካውንት ላይ ነው፤ ቃሉ ሲቀየር ያ በር ይዘጋል። የተሰረቀው የድርጅቱ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ከሆነ ግን ሌባው የገባው በሠራተኛው በር ነው፤ ደንበኛዋ የራሷን ቁልፍ አሥር ጊዜ ብትቀይር ሠራተኛው ሲያየው የነበረውን ዝርዝር ከሌባው እጅ አታስመልሰውም።

ደብዳቤው ባይናገርም ከደብዳቤው ውጭ ምልክት ነበር። ባለሱቋ እንደነገሩኝ ወረቀቱ በእሳቸው መንገድ ላይ ላሉ የድርጅቱ ደንበኞች ሁሉ ደርሷል፤ በታቦር በኩል ሱቅ ያላትና ከዚያው ድርጅት ዕቃ የምትወስድ የእኅታቸው ልጅ ግን ምንም አልደረሳትም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ይናገራል። ደንበኞች በሌላ ቦታ ሲጠቀሙበት የነበረ የይለፍ ቃል ተሰርቆ እዚህ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ የተጎዱት ሰዎች በየሰፈሩ ተበታትነው ይገኙ ነበር፤ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል በሁለት ቦታ የመጠቀም ልማድ ሰፈር አይመርጥምና። የተጎዱት ሁሉ በአንድ ሰፈር፣ ማለትም በአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሥር ያሉ ሲሆኑ ግን ቁልፉ የዚያ ሠራተኛ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ሌላ ማን ደረሰው?» የሚለውን ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥርጣሬው ትክክል ነበር። ባለሱቋ በፈቀዱልኝ መሠረት በደረሰኛቸው ላይ ባለው ስልክ ደውዬ የድርጅቱን የሥርዓት ባለሙያ አገኘሁት። ሰውየው ነገሩን ለመሸፈን የሚፈልግ አልነበረም፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ክፍል እንደሆነ ነግሮኝ የደንበኞችን ስም ሳያሳይ ማን መቼ ገብቶ ምን እንዳደረገ ሥርዓቱ ከሚመዘግብበት ሎግ ሁለት መስመሮች አነበበልኝ።

```
2025-10-14T21:40:12Z login_ok user=agent_07
2025-10-14T21:52:40Z export customers.csv rows=412 user=agent_07
```

የመጀመሪያው መስመር ሰባተኛው የሽያጭ ሠራተኛ በተሳካ ሁኔታ መግባቱን ይናገራል። ከዚህ መስመር በፊት ያልተሳካ ሙከራ አልተመዘገበም፤ ይህም ሌባው ቃሉን በግምት እንዳላገኘውና ትክክለኛውን ይዞ እንደመጣ ያሳያል። ሰባተኛው ሠራተኛ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበር። በኋላ ላፕቶፑ ሲታይ የተገኘው ነገር በሙያው ላለን ሰዎች እንግዳ አይደለም፦ ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ ከሚታደል አንድ የቢሮ ፕሮግራም ጋር የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሶፍትዌር አብሮ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩን አያበላሽም፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብም አይጠይቅም። በብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎችና ኩኪ የሚባሉ የመግቢያ ምልክቶች በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ይልክና ዝም ይላል፤ የተላከው ጥቅልም ይሸጣል። ገዢው መቼ እንደሚጠቀምበት አይታወቅም። በ2024 በዓለም አቀፉ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት በስኖውፍሌክ ደንበኞች ላይ የደረሰው ስርቆት የተፈጸመው በዚሁ መንገድ ሲሆን ተጋልጠው ሊሆን ይችላል ተብለው እንዲያውቁት የተደረጉት ድርጅቶች 165 ያህል ነበሩ። ከተሰረቁት ቃሎች ውስጥ በ2020 ከኮምፒውተር የተወሰዱና እስከዚያ ድረስ ያልተቀየሩ ተገኝተዋል፤ የተከፈቱት አካውንቶችም ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የማይጠይቁ ነበሩ። የሐዋሳው ሠራተኛ አካውንትም አይጠይቅም ነበር።

እዚህ ላይ የአንባቢን ተቃውሞ አስቀድሜ ልመልስ። ቁልፉ የደንበኛው ሆኖ ሲገኝ ድርጅቱ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የአሜሪካ የዘረመል ምርመራ ድርጅት በ2023 የደረሰበት ስርቆት ደንበኞች ከሌላ ቦታ ጋር አንድ አድርገው በተጠቀሙባቸው የይለፍ ቃሎች የተፈጸመ ነበር። በቀጥታ የተከፈቱት አካውንቶች 14,000 ያህል ሲሆኑ፣ ድርጅቱ ዘመዳሞችን እርስ በርስ በሚያገናኝበት አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ታየ። የራሱን የይለፍ ቃል በጥንቃቄ የያዘ ሰው በዘመዱ ቁልፍ ተጋለጠ ማለት ነው። ድርጅቱ ጥፋቱን የይለፍ ቃል ደጋግመው በተጠቀሙ ደንበኞች ላይ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ግን በ2025 የ2.31 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥሎበታል። እንግዲህ «የማን ቁልፍ?» የሚለው ጥያቄ ጥፋተኛን ለመለየት ብቻውን አይበቃም፤ ደንበኛው ምን ይጠብቀው እንደሆነ ለማወቅ ግን ያለ እሱ አይሆንም።

ወደ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስንመጣ የዚህን ክፍተት ውጤት እናያለን። ባለሱቋ ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት ማታ በልጃቸው ረዳትነት የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ፤ ድርጅቱ ያዘዘውን ፈጽመዋልና ነገሩ እንዳበቃ ቆጠሩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው ዳቦ ሲቆጥሩ ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ በስማቸው ጠርቶ፣ ከድርጅቱ እንደሆነ ተናግሮ፣ ባለፈው ጊዜ ያዘዙትን ሁለት ካርቶን ሳሙናና የቀረባቸውን ዕዳ እስከ ሳንቲሙ ነገራቸው። «እናቴ፣ ደብዳቤያችን ደርሶዎታል አይደል? አካውንትዎን ልናረጋግጥ ስለሆነ አሁን በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። ስድስት አኃዝ ያለው መልእክት በእውነትም ገባ። ሦስቱን አንብበው ነበር፤ አንድ ደንበኛ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ብር ሲያኖር ንግግሩ ተቋረጠና መስመሩን ዘጉት። ያዳናቸው ጥንቃቄ አልነበረም፤ የዳቦ ገዢ ነበር።

ደዋዩ የሠራው ቀላል ነገር ነው። በመተግበሪያው ላይ የእሳቸውን ስልክ ቁጥር አስገብቶ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ሲጫን መተግበሪያው ማረጋገጫ ቁጥር ወደ አካውንቱ ባለቤት ስልክ ይልካል። ቁጥሩን ቢያገኝ አካውንቱን በራሱ ቃል ከፍቶ እስከ 40,000 ብር የሚደርሰውን የዱቤ ጣሪያቸውን ተጠቅሞ ዕቃ ወደ ሌላ አድራሻ ባስላከ ነበር። ማታ የቀየሩት አዲሱ የይለፍ ቃል በዚህ መንገድ ላይ ምንም እንቅፋት አይሆንም፤ መንገዱ ቃሉን አልፎ የሚሄድ ነውና። ስለዚህ ደብዳቤው ሊሰጥ የሚገባው ምክር «የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ» ሳይሆን «በስምዎ ጠርቶ፣ ዕዳዎን ነግሮ የሚደውልልዎ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህን ማወቁ ከእኛ መሆኑን አያረጋግጥም» የሚል ነበር። ሌባው በእጁ የያዘው ዝርዝር ዋናው ዋጋው ገንዘብ ማውጣቱ ላይ አይደለም፤ በማያውቁት ድምፅ ላይ እምነት መገንባቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም «ምንም ዓይነት ማስረጃ አልተገኘም» የሚለው፣ በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ይገኛል ማለት ይቻላል። ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን «አልተገኘም» ማለት ዋጋ የሚኖረው የት እንደተፈለገ ሲታወቅ ነው። ድርጅቱ ሊያይ የሚችለው በራሱ ሥርዓት ውስጥ የተደረገውን ብቻ ነው፤ ፋይሉ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደዞረ የሚመዘግብለት ሎግ የለውም። ሎጉም ራሱ ከተወሰነ ቀን በኋላ እየተሰረዘ የሚሄድ ከሆነ፣ የቆየው መግባት ያለ ምልክት ጠፍቶ «አልተገኘም» ሊባል ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። ከላይ ያለው ሁለተኛው የሎግ መስመር እንደሚያሳየው ሌባው በገባ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ውስጥ የ412 ደንበኞችን ዝርዝር በአንድ ፋይል አውርዷል። ማየትና ማውረድ አንድ አይደሉም፤ የታየ ነገር ሊረሳ ይችላል፣ የወረደ ፋይል ግን ይቀመጣል፣ ይባዛል፣ ይሸጣል። «ለዕይታ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል» የሚለው አነጋገር በሎጉ ላይ በአኃዝ የተጻፈን ነገር ወደ ጥርጣሬ ዝቅ ያደረገ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነገር ነው። ድርጅቱ ነገሩን ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን አንድ ሌላ ደንበኛ ያላዘዘው ትእዛዝ እንዳለ ሲያመለክት ነበር፤ በዚያው ዕለት የሠራተኛው የይለፍ ቃል ተቀየረ። ደብዳቤውም «ክፍተቱ ጥቅምት 13 ቀን ተዘግቷል» ይላል። ሎጉ ግን ሌባው እስከ ጥቅምት 16 ድረስ ገጾች ሲከፍት እንደነበር ይመሰክራል። ምክንያቱ ኩኪው ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ሥርዓቱ በየገጹ ቃሉን እንዳይጠይቀው በብሮውዘሩ ውስጥ አንድ ምልክት ያስቀምጥለታል፤ በብዙ ሥርዓት ያ ምልክት እስኪያበቃ ወይም ሆን ተብሎ እስኪሰረዝ ድረስ የይለፍ ቃሉ መቀየሩ ብቻውን የገባውን ሰው አያስወጣውም። በዚህ ድርጅት ምልክቱ የሚያገለግለው ለ30 ቀን ነበር። ባለሙያው ክፍት የነበሩትን መግቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የዘጋው ጥቅምት 16 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እውነተኛው የመዘጊያ ቀን ይህ ነው። የበር ቁልፍ ቢቀየርም ቤት ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ አልወጣም ነበር።

ቀን ካነሣን አይቀር በተለይ የእኛን አገር ደብዳቤዎች የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። ሎጉ ላይ ያለው `21:40:12Z` የሚለው ሰዓት ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ይህንኑ ትናገራለች። የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ይቀድማልና በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ አልፎ ኦክቶበር 15 ከእኩለ ሌሊት በኋላ 40 ደቂቃ ይሆናል። በእኛ አነጋገር ደግሞ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ክፍል ግን በሎጉ ላይ ያየውን ኦክቶበር 14 በቀጥታ ወደ ጥቅምት 4 ቀይሮ «ጥቅምት 4 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑም ሰዓቱም ተሳሳተ። በሰው አፍ ቢሆን «ለረቡዕ አጥቢያ» ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ በደብዳቤ ላይ ግን ልዩነቱ ይቆጠራል። ማክሰኞ ማታ በ3 ሰዓት ከ40 ላይ ያ የሽያጭ ሠራተኛ በእውነት ሥራ ላይ ነበር፤ የገባውም በራሱ ስልክ ነው። በዚህ የሰዓት ስሕተት የተነሣ ለጥቂት ቀናት ራሱ እንደሌባ ተጠርጥሮ ነበር።

ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የያዘው ድርጅት ጥሰቱን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ ለደንበኛው የሚጻፈው ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። ብዙ ድርጅት ሁለቱን አንድ አድርጎ ለተቆጣጣሪ የተጻፈውን ሪፖርት ሰላምታ ጨምሮበት ለደንበኛ ይልከዋል። ተቆጣጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ድርጅቱ ምን እንዳደረገ ነው፤ ደንበኛው የሚፈልገው ምን እንደተወሰደበትና ምን እንደሚመጣበት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን አስቀድሞ ስላየ ደብዳቤው ምን ሆነ፣ የትኛው መረጃ፣ እኛ ምን እያደረግን ነው፣ እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ፣ ለተጨማሪ መረጃ በሚሉ አምስት ርእሶች ሥር እንዲጻፍ፣ ፊደሉም ከአሥር ነጥብ እንዳያንስ ያስገድዳል። የእኛ ደብዳቤ ርእስ ባይኖረው ግድ የለም፤ በጥቅምት 13 የታወቀ ነገር ጥቅምት 27 መጻፉ ግን ለደዋዮቹ ሁለት ሳምንት ሰጥቷቸዋል።

ባለሙያው ካነበበልኝ በመነሣት ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦

«ከጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 እስከ ጥቅምት 16 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ አንድ ያልታወቀ ሰው ከሽያጭ ሠራተኛችን በተሰረቀ የይለፍ ቃል ወደ ሥርዓታችን ገብቶ የእርስዎን ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሱቅ አድራሻ፣ የትእዛዝ ዝርዝርና ቀሪ ዕዳ ወስዷል። የእርስዎ የይለፍ ቃል አልተወሰደም። ይህን መረጃ የያዘ ሰው በእኛ ስም ሊደውልልዎ ይችላል፤ እኛ በስልክዎ የደረሰዎን ቁጥር በፍጹም አንጠይቅም። ያላዘዙት ዕቃ በስምዎ ቢመዘገብ ዕዳው የእርስዎ አይደለም። ለማረጋገጥ በደረሰኝዎ ላይ ባለው ስልክ ራስዎ ይደውሉ።»

እዚህ ውስጥ የጠበቃ ልብ የሚያስደነግጠው «ዕዳው የእርስዎ አይደለም» የሚለው ሊሆን ይችላል፤ ለባለሱቅ ግን ከሁሉ በፊት የሚነበበው እሱ ነው። ስልክ ቁጥሩን በደብዳቤው ላይ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ደረሰኙ መምራቱም ሆን ተብሎ ነው፤ አስመስሎ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነውና ደንበኛው ከዚህ በፊት በእጁ ያለውን ቁጥር ቢጠቀም ይሻላል። በሐዋሳ ደግሞ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ በሲዳሙ አፎ ማንበብና መነጋገር የሚቀላቸው ሆነው ሳለ ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ መውጣቱ ራሱን የቻለ ጉድለት ነው። ደብዳቤውን በየሱቁ ያደለውም ያው ሰባተኛው ሠራተኛ ነበር፤ ምን እንደተጻፈበት ማንም ስላልነገረው ባለሱቆቹ ሲጠይቁት «የተለመደ ማስታወቂያ ነው» እያለ አለፈ።

ባለሱቋ እነዚህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። ዱቤ ሲከፈትላቸው የንግድ ፈቃዳቸውንና የፋይዳ መታወቂያቸውን ፎቶ ለድርጅቱ ሰጥተው ነበር። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ግን እንደ ይለፍ ቃል በየጊዜው የሚለወጥ አይደለም። «የእኔን ፎቶ ከፍቶታል?» አሉ። የወረደው ፋይል ፎቶ የለበትም፤ ፎቶዎቹ የሚከፈቱት አንድ በአንድ ነው፣ እያንዳንዱ ሲከፈትም በሎጉ ላይ ይመዘገባል። ከ412ቱ መካከል ፎቶአቸው የተከፈተው 37 ናቸው፤ ደብዳቤው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ባለሱቋ ራሳቸው ደውለው የደንበኛ ቁጥራቸውን ሰጡ፤ ባለሙያው መስመሩን ሳይዘጋ ፈልጎ መለሰላቸው። ፎቶው ጥቅምት 6 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ተከፍቷል። ፍለጋው የወሰደው አንድ ደቂቃ ያህል ነበር። በማግሥቱ ወደ ባንካቸው ሄደው በስማቸው አዲስ ሒሳብም ሆነ ብድር እንዳልተጠየቀ አጣሩ፤ የሄዱበትን ቀን በዚያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር አስቀምጠውታል።